ካሌብ ማለት ምን ማለት ነው?

እኅቴ የመጀመሪያ ልጇን በወለደች በሦስተኛው ሳምንት ስልክ ደወለችልኝና «ጉድ የሠራኸኝ አንተ ነህ» አለችኝ። እውነቷን ነው። የልጁን ስም ሳላውቀው ያወጣሁት እኔ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአጥቢያችን የወጣቶች ኅብረት ውስጥ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እመራለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት በስም ዙሪያ ተከታታይ ጥናት ስናደርግ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ስሞችን ከነትርጉማቸው በአንድ ገጽ አትሜ ለሁሉም አድዬ ነበር። ከኢንተርኔት ለቃቅሜ በአንድ ምሽት ያዘጋጀሁት ወረቀት ነው። «ካሌብ» ከሚለው ስም ፊት ለፊት «ሙሉ ልብ፣ ታማኝ» ብዬ ጽፌአለሁ። እኅቴ ያንን ወረቀት ፍሪጅዋ ላይ ለጥፋው ኖራለች። ወንድ ልጅ ስትወልድ ዓይኗ ያረፈው እዚያ ስም ላይ ነበር።

ልጁን በእሑድ አምልኮ በጉባኤው ፊት ለጌታ የምናቀርብበት ቀን ተቆርጧል። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ጠያቂ ዘመድ ቤቱን ሞልቶ፣ ገንፎ እየተበላ ሳለ፣ አንድ የአጎታችን ልጅ ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ «ካሌብ እኮ ውሻ ማለት ነው» አለ። የሳቀ ነበር። የእኅቴ አማት፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ስማቸው ከአንበሳ የወጣ ነው፤ ቁጥብ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሽማግሌ ናቸው። «የልጅ ልጄ ውሻ ተብሎ በእግዚአብሔር ቤት አይቆምም። ከሆነም እኔ በሌለሁበት ይሁን» አሉና ጋቢያቸውን አንሥተው ወጡ። አባትና ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ አይነጋገሩም። እኅቴ የደወለችልኝ ይህን ልትነግረኝ ነበር።

መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ራሴን መከላከል ነው። «ኢንተርኔት ላይ ያለ ሁሉ እውነት አይደለም» አልኳት። የእኔ ወረቀትም ከዚያው እንደመጣ ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ስለዚህ በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ዕብራይስጥ ወደሚያስተምሩ አንድ መምህር ሄድኩ። ጥያቄዬን ሰምተው ሲጨርሱ መልሰው እኔን ጠየቁኝ።

«ውሻ በግዕዝ ምን ይባላል?»

አላወቅሁም።

«ከልብ። በትግርኛስ?»

«ከልቢ» አልኩ፤ ይህችን ከጎረቤት ሰምቻለሁ።

«ዓረቡም ከልብ ነው የሚለው። ዕብራዊው ደግሞ ኬሌብ ይላል። አማርኛ ውሻ ብሎ ከቤተሰቡ ወጣ እንጂ ቃሉ አንድ ነው። ለዚህ ነው አማርኛ ተናጋሪ ካሌብ ሲባል የማይሰማው።»

ከዚያ ወረቀት አምጥተው እያሳዩ አስረዱኝ። ዕብራይስጥ በጥንት ጊዜ የሚጻፈው በተነባቢዎች ብቻ ነው። ካሌብ የሚለው ስም ሦስት ፊደል አለው፤ ክ፣ ል፣ ብ። ውሻ የሚለውም እነዚያው ሦስቱ ናቸው። ልዩነቱ አናባቢው ላይ ብቻ ነው፤ አንዱ ኬሌብ፣ ሌላው ካሌብ ይባላል። «ሙሉ ልብ» የሚለው ትርጉም የመጣው ስሙን ለሁለት በመቁረጥ ነው። «ኮል» ሁሉ ማለት ነው፤ «ሌብ» ደግሞ የእኛው ልብ። ሲሰሙት ደስ ይላል። ነገር ግን ኮልና ሌብን ለመግጠም ሁለት ል ያስፈልጋል፤ ስሙ ያለው አንድ ብቻ ነው። «ሁለቱ ተዋጥተው ጠብቀው ይሆናል» ብዬ ልከራከር ሞከርኩ። መምህሩ ፈገግ አሉ። ዕብራይስጥ የሚጠብቅን ፊደል በመካከሉ ነጥብ አድርጎ ያመለክታል፤ በካሌብ ል ውስጥ ያ ነጥብ የለም።

ታዲያ «ሙሉ ልብ» ከየት መጣ? ከሥራው ነው የመጣው። አሥራ ሁለቱ ሰላዮች ከከነዓን ሲመለሱ ሕዝቡን ካደፋፈሩት ሁለቱ አንዱ ካሌብ ነበር። በዘኍልቍ 14 እግዚአብሔር ስለ እርሱ ሲመሰክር ፈጽሞ እንደተከተለው ይናገራል። ሰባኪዎች ይህን ምስክርነት ወስደው ወደ ስሙ መለሱት፤ ሰውየው ሙሉ ልብ ስለነበረው ስሙም ሙሉ ልብ መሆን አለበት ተባለ። መምህሩ እንደነገሩኝ በስም ዝርዝሮች ላይ የሚገኘው ብዙው ስሕተት እንዲህ ያለ ነው። የሰውየው ታሪክ በስሙ ትርጉም ቦታ ይቀመጣል። መለያውም ቀላል ነው፤ ትርጉሙ የሰውየውን ታሪክ በጣም ከመሰለ፣ ፊደሉን ቆጥሮ ማረጋገጥ ነው።

በእውነቱ ከመምህሩ ቢሮ የወጣሁት ተሸንፌ ነው። ለአባባ ምን ልነግራቸው ነው? «ልክ ነዎት፣ ውሻ ነው» ልበል? በአማርኛ ውሻ ማለት እኮ ስድብ ነው። ስንወድ አንበሳ እንላለን፤ ነብርም ያስኬዳል። እንደ አበባና ፍራፍሬ ያለማ ከሆነ ማንም አይጣላም። አበበ፣ ጽጌ፣ ሮማን፣ ብርቱካን እንላለን፤ የእናቴ እናት ትርንጎ ነው የሚባሉት፤ አንድም ሰው ቅር ብሎት አያውቅም። የአበባ ስም በእኛ ዘንድ የሚናገረው መልካም ነገር ነው። አስቴር በዕብራይስጥ ስሟ ሀደሳ ነው፤ መልካም ሽታ ያለውና ቅጠሉ የማይረግፍ ቁጥቋጦ ነው። ሶስናም የአበባ ስም ናት። እነዚህን የሚያከራክር የለም። የሚያከራክረው እንስሳ ነው፤ ምክንያቱም አንድ እንስሳ ብዙ ጠባይ አለው፤ የትኛውን ጠባይ አይቶ ስም እንዳወጣ የሚያውቀው ያወጣው ሕዝብ ነው።

ይህን ያስተዋልኩት በኤሊ ነው። የእኛ ሰው ልጁን ኤሊ ብሎ ቢጠራ ቀርፋፋነቱን እየሰደበው ይመስለናል። በጃፓን ግን በድሮ ጊዜ ለሴት ልጅ ካሜ፣ ማለትም ኤሊ፣ የሚል ስም ማውጣት የተለመደ ነበር፤ ጹሩ የሚባለው ስምም ሽመላ መሰል ረጅም ወፍ ነው። ጃፓኖች ሽመላው ሺህ ዓመት፣ ኤሊው ዐሥር ሺህ ዓመት ይኖራል ይላሉ። እናትየዋ ልጇን ኤሊ ስትል ዕድሜሽ ይርዘም ማለቷ ነው። እኛ እግሩን አየን፤ እነርሱ ዕድሜውን አዩ።

እኔም በወረቀቴ ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። «ዲቦራ» ከሚለው አጠገብ «ንብ» ብዬ ጽፌአለሁ፤ ይህ ትክክል ነው። ቀጥዬ «ታታሪ፣ ጣፋጭ» ብያለሁ። ይህ የእኔ ንብ ነው፤ ቀፎ ሰቅሎ ማር የሚቆርጥ ሰው ልጅ ንብ። ከመምህሩ ከተመለስኩ በኋላ ብሉይ ኪዳንን ገለጥኩና ንብ የት የት እንዳለች ፈለግሁ። በዘዳግም 1 አሞራውያን እስራኤልን እንደ ንብ ሆነው ያሳድዳሉ። በመዝሙር 118 ጠላቶች እንደ ንብ ይከብባሉ። በኢሳይያስ 7 የአሦር ሠራዊት በንብ ይመሰላል። ማር ያላት ንብ የምትገኘው ሳምሶን በገደለው አንበሳ ሬሳ ውስጥ ነው። ለዚያ ሕዝብ ንብ በመጀመሪያ ደረጃ በአንድነት ተነሥቶ የሚያባርር መንጋ ነበረች። አሁን መሳፍንት 4ን አንብቡና ዲቦራን ተመልከቷት። ዐሥር ሺህ ሰው ወደ ታቦር የላከችው ሴት ናት። ወላጆቿ ስሙን ሲያወጡ ጦርነት አስበው ነው አልልም፤ መጽሐፉ አይናገርምና። ግን «ጣፋጭ» የሚለውን ከወረቀቴ ላይ ሰርዤዋለሁ።

ታዲያ ውሻስ? በዚያ ዘመን ሰው ውሻ ሲል ምን ነበር የሚያየው?

መምህሩ ያዋሱኝን መጽሐፍ ሳገላብጥ መልሱ ከሸክላ ጽሑፍ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1887 በግብፅ፣ አማርና በሚባል ስፍራ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት የተጻፉ የሸክላ ደብዳቤዎች ተገኙ። ብዙዎቹ የከነዓንና የሶርያ ትንንሽ ገዥዎች ለፈርዖን የላኩአቸው ናቸው። ከእነርሱ አንዱ አብዲ-አሺርታ የሚባል የአሙሩ ምድር ገዥ ነው። ለፈርዖን ሲጽፍ ራሱን የንጉሡ ባሪያና የቤቱ ውሻ ይላል፤ አሙሩን ሁሉ ለንጉሡ እንደሚጠብቅም ይናገራል። የቤቱ ውሻ የሚለው ኩራት አለበት፤ ደጅህን የምጠብቅ እኔ ነኝ ማለቱ ነው። የሚያስቀው ደግሞ በዚያው ዘመን የጌባል ከተማ ገዥ ሪብ-ሐዳ ስለዚሁ ሰው ለፈርዖን ይከሳል፤ ውሻ ብሎም ይሰድበዋል። ሰውዬው ያው ነው፤ ቃሉም ያው ነው። በራሱ አፍ ታማኝነት፣ በጠላቱ አፍ ስድብ።

ይህ በእስራኤልም ነበረ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በለኪሶ ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ በሸክላ ስብርባሪ ላይ በቀለም የተጻፉ የዕብራይስጥ መልእክቶች ተቆፍረው ወጥተዋል። ባቢሎን ይሁዳን ከማጥፋቷ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ የበታች ሹም ለአለቃው የጻፋቸው ናቸው። ሹሙ አለቃው ስላሰበው ሲያመሰግን፣ ጌታዬ ያስበው ዘንድ እኔ ውሻ ባሪያህ ማን ነኝ የሚል መንፈስ ባለው አነጋገር ይጀምራል። ሜምፊቦስቴም በዳዊት ፊት ራሱን ከሞተ ውሻ ጋር ያስተካከለው በዚሁ ልማድ ነው። ጎልያድ ግን ዳዊትን «ውሻ ነኝ ወይ» ብሎ ሲጠይቀው ስድቡን ነው የሚናገረው። ሁለቱም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ናቸው።

እንግዲህ የካሌብ ስም በየትኛው ወገን እንደሚቆም መገመት አይከብድም። ማንም ወላጅ ልጁን ለመስደብ ስም አያወጣም። ደግሞ የእኛው አገር ታሪክ አለ። በስድስተኛው መቶ ዓመት አክሱምን የገዛው ንጉሥ ካሌብ ግዕዝ በሚነገርበት ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር። ጠባቂ ውሻውን ከልብ እያሉ ይጠሩ የነበሩ ሰዎች ንጉሣቸውን ካሌብ ብለዋል። ስሙን ከመጽሐፍ ወስደውታል፤ የተሸማቀቀ ሰው አልነበረም።

አንድ ጥያቄ ቀረ። «ርኩስ እንስሳ ነው እኮ» ቢሉኝስ? ለዚህ መልሱን ያገኘሁት ሁለተኛ ነገሥት 22 ውስጥ ነው። ምዕራፉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኢዮስያስ በነገሠ በዐሥራ ስምንተኛው ዓመት ቤተ መቅደሱ ሲጠገን የሕጉ መጽሐፍ ይገኛል፤ ጸሐፊው ሳፋን ለንጉሡ ያነብለታል፤ ንጉሡ ልብሱን ይቀድዳል፤ ሳፋንና ዓክቦር ከሌሎች ጋር ወደ ነቢይቱ ሕልዳና ይላካሉ። አሁን ስሞቹን በአማርኛ አስቀምጧቸው። ሳፋን ሽኮኮ ነው። ዓክቦር አይጥ ነው። ሕልዳና ሙጭልጭላ ናት። ሦስቱንም እንስሳት ዘሌዋውያን 11 በርኩሳን ዝርዝር ውስጥ ያስገባቸዋል። ሽኮኮው ያንን ሕግ ለንጉሡ ያነብባል፤ ሽኮኮውና አይጡ ወደ ሙጭልጭላዋ ይሄዳሉ፤ እርሷም የእግዚአብሔርን ቃል ትናገራቸዋለች። አንድም ሰው ስማችሁን ቀይሩ አላላቸውም። ርኩስነቱ ለመብላት ነበር፤ ለመጠራት አልነበረም።

ዓርብ ከሥራ በኋላ ወደ አባባ ቤት ሄድኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቡና እስኪቀርብ ስለ ጤና ተጠያየቅን። ከዚያ «አባባ፣ ያ ወረቀት የእኔ ነው፤ ተሳስቻለሁ። ካሌብ ሙሉ ልብ ማለት አይደለም። እርስዎ የሰሙት ነው እውነቱ» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ክርክር ጠብቀው ኖሮ ነገሩ ግራ የገባቸው መሰለኝ።

ስለ አብዲ-አሺርታ ነገርኳቸው፤ ብዙም አልመሰጣቸውም። የኢዮስያስን ነገር ስነግራቸው ግን «ሽኮኮ ነው ያልከኝ?» አሉና ሳቁ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አስመጥተው መነጽራቸውን አድርገው ምዕራፉን ራሳቸው አነበቡት። ስሞቹ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን እያሳረፉ «ሽኮኮ፣ አይጥ» ይሉ ነበር።

ነገሩ የተለሳለሰ ስለመሰለኝ ያነበብኩትን ሌላም ጨመርኩ። በሞንጎሊያ ኖኾይ፣ ማለትም ውሻ፣ የሚል ስም እንዳለ፤ በቻይና ገጠርም ሕፃን ጎውሸንግ፣ ውሻ የተረፈው፣ ይባል እንደነበር ነገርኳቸው። ልጅ የሚሞትባቸው እናቶች ክፉ መንፈስ ሰምቶ እንዳይመኘው፣ የማይረባ ነገር ነው ብሎ እንዲያልፈው ብለው የሚያወጡት ስም ነው። ስሙ በናቀ መጠን ፍቅሩ የበዛ ነው ማለት ነው። ሞት በስም እንደማይታለል እኔም እናንተም እናውቃለን፤ ግን ሦስት ቀብራ አራተኛውን የታቀፈች እናት የምታደርገው አይጠፋትም።

አባባ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ብዙ ቆዩ።

«ከእኔ በፊት ሦስት ሞተዋል» አሉ። «እናቴ እኔን ቡችላ ነበር የምትለኝ። ሰፈሩ ሁሉ ቡችላ ይለኝ ነበር። ከብት ስጠብቅ እረኞቹ እንደ ውሻ ያፏጩልኝ ነበር። ትምህርት ቤት የገባሁ ዕለት መምህሩ ስምህ ማን ነው ሲለኝ የአንበሳውን ስም የተናገርኩት ራሴ ነኝ። አባቴ እንኳ የሰማው በኋላ ነው።»

«ልጆችዎ ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ለማን ብዬ እነግራለሁ?»

ወደ ግቢው በር እያዩ ጥቂት ቆዩና «እናቴ ግን እስክትሞት በዚያ ስም ነው የጠራችኝ። እኔም እቆጣት ነበር» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር አወራን። ለማንም ተናገር ወይም አትናገር አላሉኝም። ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት አነበብኩላቸው፤ «ስሜን አትጥቀስ እንጂ ሌላው ይሁን» ብለዋል።

እሑድ ዕለት ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው በመጀመሪያው ረድፍ ተቀመጡ። መጋቢው ሕፃኑን ተቀብለው «የልጁ ስም ማን ይባላል?» ሲሉ እኅቴና ባለቤቷ ተያዩ። ከረድፉ የመጣው የአባባ ድምፅ ነበር፤ «ካሌብ» አሉ፤ ከኋላ የተቀመጡትም ሰምተዋል።

አዲሱን ወረቀት እያዘጋጀሁ ነው፤ በዚህ ጊዜ በአንድ ምሽት አይደለም። የፍሪጁን አሮጌ ወረቀት እኅቴ ልትጥለው ስትል አባባ ለምነው ወስደውታል። ባለፈው ሳምንት ልጁን ሊያስተኙ ወደ ውስጥ ሲገቡ በበሩ በኩል ሰማኋቸው፤ ማንም ያልሰማቸው መስሏቸው «ቡችላዬ፣ ቡችላዬ» ይሉታል።